መቀነስ በስንት መንገድ ነው?

ባለፈው ሳምንት ለትንንሾቹ ክፍሎች ወላጆች ደብዳቤ ተልኮ ነበር። እኛ ቤት ያመጣው ሦስተኛ ክፍል የሚማረው ወንድሜ ነው። ደብዳቤው ከእንግዲህ መቀነስ በአንድ መንገድ ብቻ ሳይሆን በተለያዩ መንገዶች እንደሚሰጥ ይናገርና ወላጆች እንዲተባበሩ ይጠይቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን አንድም ምሳሌ የለውም። አባቴ ሲያነበው «መቀነስ ደግሞ ስንት ዓይነት ነው? እኛ በአንዱ ተምረን አልኖርንም እንዴ?» አለና የወንድሜን የቤት ሥራ ሰርዞ በራሱ መንገድ አሠራው። ልጁ ነገ መምህሬ ምን ይሉኝ ይሆን እያለ እራቱን እንኳ በደንብ አልበላም። የሌሎች ልጆች ቤትም እንደዚሁ ነው አሉ። ስለዚህ ደብዳቤው የተወውን ምሳሌ እኔ ልጻፈው። ቤት ስትሄዱ አንብቡላቸው።

ቁጥሩ 1000 − 638 ይሁን።

አባቴ የሚያውቀው መበደርን ነው። ከአንድ ቤት እንጀምራለን። ከ0 ላይ 8 አይቀነስም፣ ከጎረቤት እንበደር ስንል ጎረቤቱም 0 ነው። የሱም ጎረቤት 0 ነው። ምንም ከሌለው ሰው ማን ይበደራል? እስከ ሺህ ቤት መሄድ ግድ ነው። አንዱ ሺህ 10 መቶዎች ይሆናል፤ ከነሱ አንዱን ሰጥቶ 9 ይቀራል። የተሰጠው መቶ 10 አሥሮች ይሆናል፤ እሱም አንዱን ሰጥቶ 9 ይቀረዋል። መጨረሻ ላይ አንድ ቤት 10 ያገኛል። ከዚያ 10 − 8 = 2፣ 9 − 3 = 6፣ 9 − 6 = 3፣ መልሱ 362።

ትክክል ነው፣ ግን መንገዱ ረጅም ስለሆነ ትንንሾቹ መሀል ላይ ይጠፋሉ። አንዳንዱ «ከ0 ላይ 8 አይቀነስም» ብሎ ገልብጦ ከ8 ላይ 0 ይቀንስና 1638 ይጽፋል። 1000 ብር ይዞ ገበያ ሄዶ 1638 ብር ይዞ ተመለሰ ማለት ነው! ይሄ ወዲያው ያስታውቃል። የማያስታውቀው ሌላ ነው። ልጁ ተበድሮ አበዳሪዎቹን 9 ማድረግ ይረሳና ሁሉንም ከ10 ላይ ይቀንሳል፤ 472 ይመጣል። ሲያዩት ደህና ይመስላል። 472ን ከ638 ጋር መልሳችሁ ስትደምሩት ግን 1110 ይሆናል፣ 1000 መሆን ሲገባው። የተረፈው 110 ያልተቀነሱት አንድ መቶና አንድ አሥር ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ላይ መቁጠር ነው። አዲስ ነው ሲባል እኔን የሚያስቀኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እናቴ ትምህርት ቤት ሳትገባ ሚዛን ገበያ ላይ ሁልጊዜ የምትሠራበት ነው። ሰው የ638 ብር ቡና ገዝቶ አምስት ባለ 200 ብር ሰጣት እንበል። እሷ ምንም አትበደርም። 2 ብር ትሰጥና «640» ትላለች፤ 60 ትጨምርና «700»፤ 300 ትጨምርና «1000፣ ይኸው»። የሰጠችው 2፣ 60 እና 300 ሲደመር 362 ነው። ገዢውም አብሯት ስለሚቆጥር አይጣሉም።

ሦስተኛው ሁለቱንም ቁጥሮች እኩል መቀነስ ነው። እኔ 13 ዓመቴ ነው፣ ወንድሜ 9፤ ልዩነታችን 4። አምና እኔ 12፣ እሱ 8 ነበርን፤ ልዩነቱ ያው 4 ነው። እንደዚሁ ከ1000ም ከ638ም አንድ አንድ ብናነሳ 999 − 637 ይሆናል። ማንም ማንንም አይበደርም፣ 362 በቀጥታ ይመጣል። ጥንቃቄ የሚፈልገው አቅጣጫው ላይ ነው። ከላይኛው አንድ አንስቶ ታችኛው ላይ አንድ የጨመረ ልጅ 999 − 639 ብሎ 360 ያገኛል፤ ሁለት ጎደለው።

ታዲያ መበደር ይቅር ማለት ነው? አይደለም። ደብዳቤውም እንደዚያ አላለም። 875 − 342 ላይ ቤት ለቤት መቀነስ ይፈጥናል፤ ወደ ላይ መቁጠር እዚያ ዝም ብሎ መዞር ነው። 8413 − 2756 ዓይነት ላይም እኔ ራሴ መበደርን እመርጣለሁ፣ ሲቆጥሩ ብዙ ማረፊያ ስላለው ይምታታል። አባቴ ደግሞ አንድ ነገር ላይ እውነት አለው፤ ሦስቱም በአንድ ቀን ከተሰጡ ልጁ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ ያደርጋል። አንዱ በደንብ ሳይያዝ ሁለተኛው ባይጀመር እላለሁ።

ቤት ውስጥ የምታስጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጁ በሌላ መንገድ ከሠራ አትሰርዙበት። መልሱን ከታችኛው ቁጥር ጋር ደምሩት፤ ላይኛው ከመጣ ልክ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ሲልክ እባካችሁ ጀርባው ባዶ ነውና ይሄን 1000 − 638 በሦስቱም መንገድ ሠርታችሁ ላኩልን።