ሠላሳ ሰከንድ፣ አንድ ሱቅ

የሰፈር ባለሱቅ የሬዲዮ ማስታወቂያ ሲያስጽፍ ከመደርደሪያው ላይ ያለው ሸቀጥ ሁሉ በስም እንዲጠራለት ይሻል፤ ገንዘቡን የከፈለ እርሱ ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን ሠላሳው ሰከንድ የሚሰፈረው በቃል ብዛት አይደለም፤ በአማርኛ አንዱ ቃል ሁለት ፊደል፣ ሌላው ስምንት ፊደል ሊሆን ስለሚችል፣ እኔ የምቆጥረው ፊደሉን ነው። ሳይጣደፍ የሚያነብ ሰው በአንድ ሰከንድ አምስት ያህል ፊደል ያነባል ብዬ እነሣለሁ፤ ለትንፋሽም አምስት ስድስት ሰከንድ አስቀርቼ፣ ጽሑፉ ከ120 ፊደል እንዳያልፍ አደርጋለሁ። ሱቁን «ተስፋ ሱቅ» ብንለው፣ ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ቡናው ፈላ፤ ስኳሩ ግን አልቋል። ልጁን ወደ ተስፋ ሱቅ ይላኩት። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሻማ አለ፤ እንቁላልም በነጠላ ይሸጣል። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር። ተስፋ ሱቅ።»

ይህ 107 ፊደል ነው፤ ንባቡ ሃያ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ የቀረው ለትንፋሽ ነው። ሰዓቱን በአኃዝ ሳይሆን በፊደል የጻፍሁት፣ «12» በወረቀት ላይ ሁለት ምልክት ሆኖ ሳለ በአንደበት ስድስት ፊደል ስለሚሆንና ቆጣሪውን ስለሚያታልል ነው። ባለሱቁ አጥብቆ የሚለምነው የስልክ ቁጥርም ሲነበብ ስድስት ሰከንድ ያህል ይበላል፤ እጇ ሊጥ የነካ ሴት ብዕር ፈልጋ እስክታነሣ ቁጥሩ ካለፈ በኋላ ምን ይፈይዳል? በአዲስ አበባም ቢሆን ሰው የሚፈላለገው በቤት ቁጥር ሳይሆን በወፍጮ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በድልድይ ስለ ሆነ፣ ያችን ጊዜ ለአቅጣጫው መስጠት ይሻላል።

በንባብ ቤት ተነሹን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ እየለየ ያደገ ሰው፣ ወረቀት ሁሉን ነገር እንደማይናገር ያውቃል፤ የአማርኛ ጽሕፈትም ጥብቀቱን አያሳይምና «ሻማ አለ» የሚለውን አንባቢው ካላጠበቀው ሻማው ራሱ የተናገረ ይመስላል። ስለዚህ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ነጥብ፣ ትንፋሽ ከሚወሰድበትም ላይ ጭረት በእርሳስ ማኖር ደግ ነው።

ጽሑፉ መርዘሙ የሚታወቀው ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጨረሻው ነው፤ አንባቢው ሰከንዱ እያለቀበት ሲሄድ የሚጣደፈውና የሚውጠው አቅጣጫውንና ስሙን፣ ማለትም ዋናውን ነገር ነውና። ያን ጊዜ አንባቢውን ፍጠን ከማለት ሻማውን መሰረዝ ይቀላል፤ ባለሱቁም ቢያኮርፍ፣ ሻማ ፈላጊው መብራት በጠፋ ምሽት ሳይነገረው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያውን ሰምቶ ለማያውቅ ጎረቤት፣ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦለት ሱቁ የት እንደ ሆነ መጠየቅ ነው።