ትብብር ወይስ ዕዳ?

ለገና ላሊበላ ወርጄ ያረፍኩት በአንድ የድሮ ወዳጄ ቤት ነው። የቤዛ ኩሉ ዝማሬ ገና ከጆሯችን ሳይወጣ፣ ቡና እየተጠጣ ሳለ የወዳጄ ልጅ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ልጅቱ ነርስ ናት፤ የምትሠራው እዚያው ላሊበላ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም።

«ጋሼ፣ እስቲ አማርኛውን እዩልኝ» አለችኝ። የግንቦት፣ የሰኔና የሐምሌ የዲዩቲና የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ስላልተሰጣት ለአስተዳደሩ የጻፈችው ደብዳቤ ነው። አንድ ጊዜ አስገብታው «ይጣራ» ተብሎ ተመልሶባታል። የቤት ኪራይ የምትከፍለው ከሰው ተበድራ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ደብዳቤው ማረከኝ። በቃሬዛ ከደጋ የወረደች ወላድ፣ መብራት የጠፋበት ሌሊት፣ በስልክ ብርሃን የተፈለገ የደም ሥር፣ ሁሉም አለበት። «አንድ ቃል እንዳትነኪ!» ብያት አረፍኩ።

ይህን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠው አጎቷ ሳቀ። ዕድሜውን በመንግሥት ሒሳብ ክፍል ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ልጄ፣ ሒሳብ ሹም እንባ አይመዘግብም። ስንት ሰዓት ነው የሠራሽ?» አላት።

ደብዳቤው ውስጥ ሰዓት የለም። «ለሦስት ወራት ሌት ተቀን» ነው የሚለው። ማስታወሻ ደብተሯን አስመጣና ቆጠራ ጀመሩ። የሥራ ቀን አዳር ከቀኑ 11፡30 እስከ ጠዋቱ 2፡30 ነው፤ 15 ሰዓት። በወር አራት አዳር 60 ሰዓት ሆነ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ሙሉ 24 ሰዓት ነው፤ በወር ሁለቱ 48። በወር 108፣ በሦስት ወር 324 ሰዓት። በሐምሌ ደግሞ ተተኪዋ በጎርፍ ምክንያት ስትዘገይ ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት ቆይታለች። ይኸ 12 ሰዓት ነው።

«ይኸንን ከዚያ ጋር አትደምሪ» አለ አጎቷ። ተረኝነት አስቀድሞ በወጣ ፕሮግራም የሚሠራ ነው፤ ትርፍ ሰዓት ግን «ቆዪ» ያለሽ ኃላፊ የፈረመበት ወረቀት ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድ ቁጥር ከተጻፉ፣ የአንዱ ማስረጃ መጉደል ሌላውንም ይዞት ይወድቃል።

የ«ይጣራ» ምስጢርም እዚሁ ወጣ። በሰኔ አንድ ቅዳሜ የሠራችው ለጓደኛዋ ተክታ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፕሮግራም የጓደኛዋን ስም ነው የሚያሳየው። ሒሳብ ክፍሉ 24 ሰዓት አልገጥም ሲለው ሦስቱንም ወር መልሶታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ የቅያሬው ወረቀት በክፍሉ ኃላፊ ተፈርሞ አልተያያዘም ነበር።

ሌላው ነገር የበጀት ዓመቱ ነው። ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ የግንቦትና የሰኔው 216 ሰዓት ያለፈው ዓመት ዕዳ ነው፤ የሐምሌው 108 የአዲሱ ዓመት ነው። በአንድ ድምር ሲጠየቁ፣ አዲሱም ከአሮጌው ጋር «በጀት የለም» ይባላል። ለየብቻ ሲጻፉ ግን የሐምሌውን ለመከልከል ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ይሆናል።

ደብዳቤዋ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ንም ጠቅሶ ነበር። አጎቷ ሰረዘው። አዋጁ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ይሆናል፤ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ የምትተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው። የማይመለከት ሕግ መጥቀስ፣ ለመልስ ሰጪው «አይመለከተንም» የሚል ቀላል መውጫ ማበጀት ነው።

ለእኔ የቀረችልኝ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ነች። «ትብብር እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ትላለች። አማርኛ ፍሬ ነገሩን ግሡ ላይ ነው የሚያኖረው። ትብብር የጠየቀ ሰው ቢከለከል ቅር ይለዋል እንጂ የተወሰደበት ነገር የለም። «ያልተከፈለኝ እንዲከፈለኝ፣ የማይከፈል ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ» ብለን ለወጥነው። ትሕትናው አልጎደለም፤ ምጽዋቱ ግን ወጣ።

በግንቦት 2011ም ሆነ በግንቦት 2017 የአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ፣ የዲዩቲ ክፍያ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ነበር። በ2017ቱ የታሰሩም አሉ። ያን ትልቅ ጩኸት ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይህቺ የአንድ ገጽ ወረቀት ነች። የጩኸቱ መነሻ እንዲህ ያለ «ይጣራ» የተባለ ወረቀት ነውና።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተጻፈ። አንዱ መዝገብ ቤት ገባ፤ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጋ በእጇ አስቀረች። የሐምሌው ዲዩቲ ተከፈላት። የግንቦትና የሰኔው «በዕዳ ተይዟል» የሚል የጽሑፍ መልስ አገኘ። 12ቱ ሰዓት ግን ቀረ፤ «ቆዪ» ያላት ኃላፊ ተዛውሮ ሄዷል፣ ወረቀትም አልሰጣትም ነበር።

የወላዷን ታሪክ ከደብዳቤው ስናወጣ ከፍቶኝ ነበር። ልጅቱ ግን «ጋሼ፣ እሱን እርስዎ ይጻፉት» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።