የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ከጠያቂው ወንበር ሲታይ

ስላይድ 1፦ ጠያቂው የሚጽፈው ነገር
ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ጠያቂዎች ይቀመጣሉ። ከፊታቸው የነጥብ መስጫ ቅጽ አለ፤ የሙያ ዕውቀት፣ ችግር የመፍታት ችሎታ፣ የአነጋገር ግልጽነት በየረድፉ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ማስታወቂያው «ዜሮ ዓመት ልምድ» ካለ የሚፈለገው የዓመት ብዛት አይደለም፤ ለነጥቡ ምክንያት የሚሆን ማስረጃ ነው።

ስላይድ 2፦ ይደረግ
ማስታወቂያው ላይ ለተዘረዘረ ለእያንዳንዱ ተግባር አመልካቹ በእጁ የሠራውን አንድ ነገር ያዘጋጅ። ከኢንተርንሺፕ፣ ከመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ከቤተሰብ ሱቅ የገቢና ወጪ መዝገብ ሊሆን ይችላል።

ስላይድ 3፦ አይደረግ
«ታታሪ ነኝ፣ ተግባቢ ነኝ፣ ጫና እችላለሁ» የሚል መልስ ከሁሉም አመልካች ይሰማል። አንዱን ከሌላው ስለማይለይ ጠያቂው ከፍ ያለ ነጥብ የሚሰጥበት ምክንያት ያጣል።

ስላይድ 4፦ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ
ጥያቄው «የባንክ ሒሳብ አስታርቀህ ታውቃለህ?» ነው እንበል።
ደካማው መልስ፦ «አዎ፣ በደንብ እችላለሁ።»
ጠንካራው መልስ፦ «በኢንተርንሺፕ ላይ ሠርቻለሁ። መዝገቡ 84,000 ብር ሲል የባንኩ ስቴትመንት 96,500 ይላል። የወጡትን ቼኮች አንድ በአንድ ሳመሳክር ለዕቃ አቅራቢ የተጻፈ የ12,500 ብር ቼክ ገና እንዳልተመነዘረ አገኘሁ። ዝርዝሩን አዘጋጅቼ ለኃላፊዬ አሳየሁ።»
ሁለተኛው መልስ ችግሩን፣ የተሠራውንና ውጤቱን በቅደም ተከተል ይዟል። ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስላይድ 5፦ ይደረግ
አመልካቹ ያልሠራውን ሲጠየቅ «ይህን አልሠራሁም» ይበልና ከየት እንደሚጀምር ያስረዳ። አካሄዱ ትክክል ከሆነ ከችግር አፈታት ረድፍ ነጥብ ያገኛል።

ስላይድ 6፦ አይደረግ
በጥቂት ቀን ሥልጠና ብቻ የታየን ፒችትሪ ሲቪ ላይ «በሚገባ» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው። ጠያቂው ተከታታይ ጥያቄ ያነሳል፦ ምን መዘገብክ? ከየትኛው ሰነድ ተነስተህ? ስህተቱን እንዴት አረምክ? በእውነት የሠራ ሰው ዝርዝር ይጨምራል፤ ያልሠራ ወደ ጥቅል ንግግር ይመለሳል። እዚህ ላይ የታየ ማጋነን የቀሩትን እውነተኛ መልሶችም ያስጠረጥራል።

ስላይድ 7፦ ከማለፍ በኋላ
በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ አመልካቹ «በሙከራ ጊዜ ሥራዬ በምን ይለካል?» ብሎ ይጠይቅ። ቃለ መጠይቁ ላይ የተጋነነ ችሎታ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይጋለጣል፤ በእውነት የተነገረ ትንሽ ሥራ ግን ሁለቱንም ፈተና ያልፋል።