እናትን ለማስታመም የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንቀጽ 81 ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። እናት ወይም አባት የሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ ያገኛል። እናቱ በሕይወት ሳለች ታማ ላስታምም ካለ ግን፣ ያለው መብት «ልዩና አሳሳቢ» ሁኔታ ለገጠመው የሚሰጠው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ። ለቀብር ይከፈላል፣ ለማስታመም አይከፈልም። እድራችንም ድንኳኑን ይዞ የሚመጣው ከሞት በኋላ ነውና ሕጉን ብቻ አልወቅስም።

የምኖረው ጫጫ ነው፣ የምሠራው ደ/ብርሃን በኩል ባለ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ። በሥራዬ የፈቃድ ማመልከቻ አይጠፋም። አንዲት የጫጫ ልጅ ያመጣችውን ግን ልጽፍላችሁ ወደድኩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ቦታ በደንብ ያሳያል።

እናቷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው አዲስ አበባ ኬሞ ሊጀምሩ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው በየ21 ቀኑ የሚሰጥ 6 ዙር ነው። ልጅቷ 3 ዓመት ሠርታለች፤ የዓመት ፈቃዷ በሕጉ 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ስለሚጨመር 17 ደርሷል። ያመጣችው ማመልከቻ «17ቱም ቀን ባንድ ላይ ይሰጠኝ» ይላል። ሰው ሲደነግጥ ያለውን ሁሉ ባንዴ ነው የሚያወጣው።

ቁጭ ብለን ቀን ቆጠርን። በፋብሪካችን የሚታረፈው እሑድ ብቻ ነው። ሰኞ ፈቃድ ብትጀምር 17ቱ ቀን በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ያልቃል። እናቷ ሰኞ ተመርምረው ማክሰኞ መድኃኒቱን ቢወስዱ፣ የሁለተኛው ዙር ምርመራ የሚውለው በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ነው። ልጅቷ ቅዳሜ ሥራ ትገባለች፣ ሰኞ ደግሞ ፈቃድ የላትም። አምስት ዙር ይቀራል፣ በእጇ ግን አንድም ቀን የለም። መሃል ያሉትን ቀናት ካየን ደግሞ አብዛኞቹን እናቷ ቤታቸው ተኝተው ነው የሚያሳልፏቸው፤ ውሃና አጥሚት የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋቸዋል እንጂ ሐኪም ቤት የሚሯሯጥ አያስፈልጋቸውም። ያንን ታናሽ ወንድሟና ጎረቤት ይችሉታል።

ስለዚህ ማመልከቻውን ገለበጥነው። በየዙሩ 2 ቀን፦ አንዱ ለጉዞና ለምርመራ፣ አንዱ መድኃኒቱ ለሚሰጥበት። 6 ዙር በ2 ቀን ሲሰላ 12 ቀን ነው፣ ከ17ቱ 5 ይተርፋል። የተረፉት አምስቱ ናቸው ዋናዎቹ። ከኬሞ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ የነጭ ደም ሕዋስ በጣም ስለሚወርድ፣ በዚያ ሰሞን 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ለሌላ ሰው ጉንፋን ሊሆን ቢችልም ለእሳቸው ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ድንገተኛ ነው። ይህ የሚመጣው ልጅቷ ሥራ ላይ ባለችበት ሳምንት መሆኑን ልብ በሉ። ቤት ቴርሞሜትር እንዲኖርና ወንድሟ እንዲለካ የተነገራቸውም ለዚህ ነው።

አሁን የሕጉ እንቅፋት መጣ። አዋጁ በአንቀጽ 79 የዓመት ፈቃድ ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል። ስድስት ቦታ መቆራረጥ ግን ማንም ሠራተኛ «መብቴ ነው» ብሎ የሚይዘው አይደለም፣ በስምምነት የሚገኝ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ፣ እነሱም መሥሪያ ቤታቸውም መስፈርቱን ካሟሉ፣ የታመመ ወላጅ፣ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ያገኛሉ፤ ሕክምናው የሚጠይቅ ከሆነም በቀን፣ እንዲያውም በሰዓት ቆራርጠው ይወስዱታል። እኛ ጋ ይህ ስለሌለ አሠሪውን የሚያሳምነው የደብዳቤው አጻጻፍ ነው። (የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ነውና ይህን ስሌት እንዳለ አይውሰደው።)

አሠሪ የሚፈራው የቀኑን ብዛት ብቻ አይደለም። የበለጠ የሚያስጨንቀው ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑ ላይ ማን እንደሚቆም አለማወቁ ነው። ደብዳቤው ያንን መመለስ አለበት። የጻፍነው እንዲህ ነበር፦

«እናቴ በየ21 ቀኑ የሚሰጥ የ6 ዙር ሕክምና ስለጀመሩና አስታማሚ ስለሚያስፈልጋቸው፣ የዓመት ፈቃዴ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዙሩ 2 የሥራ ቀን እየተከፈለ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። የሚቀጥለውን ቀን የቀጠሮ ካርዱ እንደተጻፈ በማግስቱ አሳውቃለሁ። የደም ምርመራው ዝቅ ብሎ ዙሩ ከተላለፈ ፈቃዱም አብሮ እንዲተላለፍልኝ፣ ድንገተኛ ትኩሳት ሲያጋጥም ደግሞ በዚያው ጠዋት በስልክ አስታውቄ ከቀሪው 5 ቀን እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ። በማልኖርባቸው ቀናት ፈረቃዬን የሚሸፍነው የሥራ ባልደረባዬ ፈቃደኛነቱን ከዚህ በታች ፈርሟል።»

የመተላለፉ ነገር ለጌጥ አልገባም። ነጭ ደሙ ካላገገመ ሐኪሙ ዙሩን ብዙ ጊዜ በሳምንት ያህል ይገፋዋል። የስድስቱንም ዙር ቀን በቁርጥ የጻፈች ሠራተኛ ሦስተኛው ዙር ላይ እንደ ዋሾ ትታያለች። ልጅቷ ሌላም ነገር ሐኪሙን ጠየቀች፦ የደም ምርመራው ደብረ ብርሃን ተሠርቶ ውጤቱን ይዞ መሄድ ይቻል እንደሆነ። ከተፈቀደ፣ ደሙ ዝቅ ያለ ዕለት ሕመምተኛ ይዞ እስከ ላምበረት መናኸሪያ ተጉዞ ባዶ እጅ መመለስ ይቀራል፤ አንድ የፈቃድ ቀንም ይተርፋል።

ከሐኪም ቤት የሚጻፈው ማስረጃ ደግሞ «ታማለች» ብቻ ብሎ ማለቅ የለበትም። በስንት ቀን እንደሚደጋገም፣ ስንት ዙር እንደሚጠበቅና አስታማሚ እንደሚያስፈልግ ይጻፍበት። ሐኪም ቤቶቻችንን የሚያውቅ ሰው የአስታማሚን ሥራ ያውቃል፦ ካርድ ማውጣት፣ መክፈል፣ ውስጥ የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ፈልጎ መግዛት፣ ውጤት መቀበል። የቢሮ አለቃ ግን ይህን በወረቀት ካላየው «ለምን ሌላ ሰው አይሄድም?» ይላል።

ሁለት መንገዶች አሉ፣ ሁለቱንም ብትተዉ እመክራለሁ። አንደኛው በራስ ስም የሕመም ወረቀት ማውጣት ነው። የሕመም ፈቃድ ለሠራተኛው ለራሱ ሕመም የተሰጠ ነው፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ከተገኘ እንጀራም ይሄዳል። ሁለተኛው የፈረቃ አለቃ የሚሰጠው የቃል ፈቃድ ነው። «ሂጂ እባክሽ፣ እናት አይደሉ እንዴ!» ይላል፣ ከልቡ ነው። ከወር በኋላ አለቃው ይቀየራል፣ የመገኛ መዝገቡ ላይ ግን «ቀሪ» የሚለው አለ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን የቀረ ሠራተኛ ውሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ እንደሚችል አዋጁ ይደነግጋል። በየዙሩ 2 ቀን የምትቀር ልጅ ሦስተኛው ዙር ላይ እዚያ ትደርሳለች።

ያለ ደመወዝ የሚሰጠውን 5 ተከታታይ ቀን ሆን ብለን አልነካነውም። እናቷ በትኩሳት ተኝተው መታከም ቢያስፈልጋቸው ለዚያ ይሆናል ብለን አስቀመጥነው። ቆጠራው በበጀት ዓመት ስለሆነና የእኛ ፋብሪካ ከሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ሕክምናው ሰኔን ከተሻገረ ሁለቱ ዕድሎች እንደገና ይታደሳሉ።

ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ተቀበለ፣ አንድ ነገር ግን ጨመረ፦ በወር መጨረሻ፣ ዕቃ በሚጫንበት ሳምንት፣ የሚውል ዙር ካለ ቢያንስ ከ5 ቀን በፊት ይነገረኝ አለ። አግባብ ነበር። እኛም ስምምነቱን በደብዳቤ ቁጥር አስጽፈን፣ አንዱን ቅጂ ለልጅቷ፣ አንዱን ለፈረቃ ኃላፊዋ፣ አንዱን ከግል ማኅደሯ ጋር አያያዝነው።