እያንዳንዱ እርማት ለየብቻው ይታይ

ጽሑፍ በወረቀት ይታረም በነበረበት ጊዜ ቀዩ እስክሪብቶ የነካው ሁሉ በግልጽ ይታይ ነበር። በኮምፒውተር ግን አንድ ቃል ተሠርዞ ሌላ ሲተካ ምንም ምልክት አይቀርም። ጽሑፉ ውል ወይም የፍርድ ቤት ሰነድ ሲሆን ደግሞ ይህ ትልቅ ጣጣ ያመጣል። በሰነዱ የሚጠየቁት ጠበቃው እንጂ ቋንቋውን ያረመው ሰው አይደለምና።

እኔ ከጋዜጣ ሥራዬ ጎን ለአንዲት ጠበቃ የሰነዶችን አማርኛ አርማለሁ። በቅርቡ ባልና ሚስት በስምምነት ለመፋታት ያዘጋጁትን ሰነድ ላኩልኝ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ያለው ስምምነት ለፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲጸድቅ ያዛል። የባለጉዳዮቹን ምሥጢር ለመጠበቅ ቃሉንና አኃዙን ለውጬ ላቅርብላችሁ።

ሰነዱ በዎርድ እንደ ተከፈተ፣ አንድ ፊደል እንኳ ሳይነካ፣ Review ከሚለው ረድፍ Track Changes የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። ከጎኑ ባለው ሳጥን ውስጥም All Markup ይመረጣል። ከዚያ በኋላ የተሠረዘው ቃል በላዩ መስመር ተሰምሮበት፣ የተጨመረው ደግሞ ቀለም ይዞ ይታያል።

አንዱ አንቀጽ «ልጆቹ አሥራ ስምንት አመት እስኪሞላቸው ከእናታቸው ጋር ይኖራል» ይላል። እርማቱ ሁለት ነው፤ «አመት» ወደ «ዓመት»፣ «ይኖራል» ወደ «ይኖራሉ»። ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ አጥፍቶ እንደገና መጻፍ ለአራሚው ይቀልለዋል፤ ጠበቃዋ ግን አንድ ረጅም ሥርዝና አንድ ረጅም ጭማሪ ብቻ ስለሚያዩ «አሥራ ስምንት» የሚለው እንዳልተለወጠ ለማረጋገጥ ቃል በቃል ማመሳከር ይኖርባቸዋል። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት ብቻ ለየብቻ እተካለሁ። «አ»ን ብቻ አጥፍቶ «ዓ»ን ማስገባትም ደግ አይደለም፤ በስክሪኑ ላይ «አዓመት» የሚመስል ነገር ስለሚታይ ዓይን ያደናግራል። ቃሉ እንዳለ ይተካ።

እዚህ ላይ ጠበቃዋም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ዎርድ መተካትን የሚቆጥረው እንደ ሁለት ለውጥ ነው፤ አንዱ ሥርዙ፣ ሌላው ጭማሪው። ሥርዙን በ Accept ተቀብሎ ጭማሪውን በ Reject የመለሰ ሰው ቃሉን ጨርሶ ያጣዋል። ሁለቱን በአንድነት በመዳፊት መርጦ Accept ወይም Reject ማለት ከዚህ ያድናል።

ዋናው ጉዳይ ግን የቀለቡ አንቀጽ ነበር። «አባት ለልጆቹ ቀለብ በየወሩ 3,000 ብር ይከፍላል» ይላል። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ገንዘቡ ለሁለቱም በአንድነት ነው ወይስ ለእያንዳንዳቸው? አማርኛው ምንም ጉድለት የለበትም፤ እናቲቱ ግን በወር 3,000 ወይም 6,000 ብር የምትቀበለው በዚህች አንቀጽ ነው። ይህን የሚወስነው አራሚ አይደለም። ስለዚህ ጽሑፉን ሳልነካ «3,000 ብር» የሚለውን መርጬ፣ New Comment ብዬ፣ «ለሁለቱም በአንድነት ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ልጅ? ባለጉዳዮቹ ይጠየቁ» ስል በኅዳጉ ጻፍሁ። ጠበቃዋ ሁለቱንም ጠየቁ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ነው አሉ። ቃሉንም ራሳቸው ጠበቃዋ ጨመሩ።

ሐሳቤን ሁሉ ይቀበላሉ ማለት አይደለም። «ቀለብ» የሚለው ቃል በአንድ አንቀጽ አራት ጊዜ ስለ ተደጋገመ አንዱን «የልጆች ማሳደጊያ» እንዲባል አሳይቼ ነበር፤ ለጋዜጣ ጆሮ መደጋገም ይከብዳልና። እሳቸው መለሱት። በሰነድ ውስጥ ሌላ ቃል ሲገባ ሌላ ገንዘብ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ «ቀለብ» ደግሞ ራሱ ሕጉ የሚጠቀምበት ቃል ነው። እርማቱ ለብቻው በመታየቱ እሱን ብቻ መልሰው ሌሎቹን ተቀበሉ።

አንድ ሌላ ልማድ ላንሣ። ብዙ ጸሐፊዎች በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ነጥብ ደጋግመው ይመታሉ። ይህን በሰነዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ብንተካው በየመስመሩ ምልክት ይበዛና ቁም ነገር የያዙት እርማቶች ይሰወራሉ። እኔ በጠበቃዋ ፈቃድ መጀመሪያ Track Changes ሳይከፈት ይህን ብቻ ሠርቼ፣ ማድረጌንም በጽሑፍ አሳውቃቸዋለሁ።

ሰነዱ ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ No Markup በሚለው መታለል አይገባም። ምልክቶቹን ይሸፍናቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም፤ ፋይሉ የተላከለት የሌላው ወገን ጠበቃ በቀላሉ ገልጦ ያነብባቸዋል። ምልክት ያለበት ቅጂ ለመዝገብ ይቀመጥ፤ በሚላከው ላይ ለውጦቹ ሁሉ ውሳኔ ካገኙና የኅዳግ ማስታወሻዎቹ ከተሠረዙ በኋላ በ File ሥር ባለው Info ውስጥ Inspect Document ይጫን። የቀረ ነገር ካለ እሱ ይናገራል።