የራስ ምታት መዝገብ በቡና አገር

ራሱን ለታመመ ሰው ምክንያቱን የማይነግረው የለም። እዚህ ዲላ ከተማ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ዝናቡ ነው ይሉኛል፤ አከራዬ እማማ ቆጮው ነው ይላሉ፤ ወንድሜ ደግሞ የሥራ ሐሳብ ነው ባይ ነው። ከሦስቱ ማንኛው ትክክል እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ደብተር ገዛሁ።

በየማታው አንድ መስመር ጻፍሁ፤ የተኛሁበትንና የተነሣሁበትን ሰዓት፣ የበላሁትን፣ ቡና የጠጣሁበትን ሰዓትና የሲኒውን ብዛት፣ የቀኑን ጭንቀትና ዝናቡን። ሕመም ሲመጣ የጀመረበትን ሰዓት፣ ክብደቱን ከ10 ስንት እንደ ሆነና የዋጥሁትን መድኃኒት ጨመርሁበት። ሕመም በሌለበት ቀንም ሳልጽፍ አላደርሁም፤ የሕመሙ ቀን ብቻ ከተጻፈ የሚወዳደርበት ነገር አይገኝምና።

በ56 ቀን ውስጥ 10 ቀን አመመኝ። የዘነበው 28 ቀን ነበር፤ ከ10ሩ ሕመም 5ቱ በዝናብ፣ 5ቱ በደረቅ ቀን ዋሉ። እንግዲህ ዝናቡ ከክሱ ነጻ ወጣ። ቆጮ የበላሁባቸው ቀኖችም ከሌሎቹ አልከፉም። ነገር ግን ከ10ሩ 8ቱ ሥራ የሌለባቸው ቅዳሜና እሑድ ሆነው ተገኙ።

በሥራ ቀን 12 ሰዓት ተነሥቼ 1 ሰዓት ላይ ሁለት ሲኒ እጠጣለሁ። በዕረፍት ቀን ግን እስከ 3 ሰዓት እተኛለሁ፤ ከዚያም ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ አቦሉ እስኪቀዳ 5 ሰዓት ይሆናል። በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ሲዘገይበት፣ ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊያመው ይችላል። ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ሲቀር መልሰው ይሰፋሉ።

ይሁን እንጂ በዕረፍት ቀን እንቅልፉም ቡናውም አብረው ተለውጠዋል። ስለዚህ ለየብቻ ፈተንኋቸው። በአራት የዕረፍት ቀን 12 ሰዓት ተነሥቼ ቡናውን እስከ 5 ሰዓት አዘገየሁ፤ ሦስቱን ቀን አመመኝ፤ ከጠጣሁም በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀኝ። በሚቀጥሉት አራት ቀኖች 1 ሰዓት ላይ ጠጥቼ እስከ 3 ሰዓት ተመልሼ ተኛሁ፤ አንድም ቀን አላመመኝም። አራት ቀን ጥቂት ስለ ሆነ በሚቀጥለው ወር ደገምሁት፤ መልሱ አልተለወጠም። አሁን በእሑድም የመጀመሪያውን ሲኒ በሰዓቱ እጠጣለሁ፤ ለመተው የሚፈልግ ግን በአንድ ጊዜ ከሚያቆም ጥቂት በጥቂት ቢቀንስ ይሻለዋል።

ደብተሩ ሌላም ነገር ይቆጥራል። የሕመም ማስታገሻ በወር ከ10 ወይም ከ15 ቀን በላይ ለወራት ከተወሰደ፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት፣ ራሱ የራስ ምታት ያመጣል። በድንገት የመጣ ከባድ ሕመም፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ ወይም እጅና እግርን የሚያዝል ሲሆን ግን መዝገብ የሚሞላበት ጊዜ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ ነው።