የቱ ነው ያንተ?

የማስተርስ ዲፌንሴ ቀን ስለ ሰምና ወርቅ ረጅም ጥቅስ አንብቤ መጨረሻ ላይ «ሌቪን፣ 1965» ብዬ አለፍኩ። ፈታኜ አስቆሙኝ፦ «ቆይ፣ የቱ ነው የሌቪን? የቱስ ያንተ?» ላብ በላብ ሆንኩ። ያልሰረቅኩትን የሰረቅኩ መሰልኩ።

ወረቀት ላይ ትምህርተ ጥቅስ ይታያል፤ ጆሮ ግን አያየውም። አማርኛ ደግሞ «ይላል»ን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፤ እስከዚያ ሰሚው የእናንተ ሐሳብ ይመስለዋል።

ስለዚህ ባለቤቱን አስቀድሙ፣ በ«ይላል» ዝጉ፣ ትንሽ ቆም በሉና ወደ ራሳችሁ ተመለሱ፦

«ዶናልድ ሌቪን በ‹ዋክስ ኤንድ ጎልድ› መጽሐፉ አሻሚ አነጋገር ለማኅበረሰቡ ጥቅም እንዳለው ይናገራል። እኔ ደግሞ በሰበሰብኳቸው ቅኔዎች...»

ዓመቱና ገጹ ስላይዱ ግርጌ ይቀመጥ። ቃል በቃል የምታነቡት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ከረዘመ «የቱ ነው ያንተ?» መምጣቱ አይቀርም።